ሻሹ ታጥቦ ከዚህ ጋር ተያይዟል

ጥቅምት 8

ይድረስ ለወሬኛው ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ እግሬ በጄሶ ከመታሰሩ በቀር ደህና ነኝ። አዎ፣ እትዬ የላከችው ደርሶኛል። ሹፌሩ አውቶብሱን አቁሞ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በእግሩ ወጥቶ በእጄ ሰጠኝ። ያንተ ጥያቄ በዚህ ተመለሰ፤ አሁን ተራው የኔ ነው። ለእትዬ እንዳትነግር ብዬህ አልነበረም? የቢሮ ደረጃ አዳልጦኝ ቁርጭምጭሚቴ መሰበሩን፣ ደሞዜ መቆረጡን፣ ሁሉንም ዘርዝረህ ነገርካት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ አንተ ጸጉር አስተካካይ ነህና የሰው ራስ ሲመለጥ ከማንም ቀድመህ ታያለህ። የገዛ አፍህን ግን ማን ይይልህ?

ብር እኮ ነው የላከችው! ከዚህ ቤት ኪራይ፣ ከሐኪም፣ ከሁሉም የሚተርፍ ብር። አንድ ቃል የለበትም። ያ ዳር ዳሩ ሰማያዊ የሆነው ሻሽ፣ ብርድ ሲሆን አንገታችን ላይ የምትጠመጥምልን፣ በእሱ ቋጥራ ብቻ።

እኔና እሷ እንዴት እንደተለያየን ላንተ አልነግርህም። እናታችን ካረፈች በኋላ ያሳደገችን አክስታችን እሷ፤ ሥራ አግኝቼ ልሄድ ሻንጣዬን ሳነሳ ከክፍሏ ያልወጣችውም እሷ። ከዚያ ወዲህ ባንተ በኩል «ሰላም በላት» «ሰላም በልልኝ» ከመባባል በቀር አንድ መስመር አልተጻጻፍንም። አሁን ምን ብዬ ነው የማመሰግናት? «እትዬ፣ ናፍቀሽኛል፣ ዓይንሽን ልየው» ብዬ ብጀምር፣ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ አትለኝም? ብር ሲያይ አንደበቱ የሚፈታ ሰው ትወድ ይመስልሃል? ያ የእህል ነጋዴ የአባታችን ዘመድ ወፍጮ ሊያስገዛት ሲፈልግ «እናቴ፣ እናቴ» ሲላት ምን እንዳለችው ረሳኸው? «እናት ያደረገኝ ሆዴ ሳይሆን ኪሴ ነው» ነው ያለችው።

ሞቅ ያለውን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። በመጨረሻ በአክብሮትና በቁም ነገር ጻፍኩ። ታሽጎ ከዚህ ጋር አለ። ዓይኗ ሞራ ስለጋረደው አንተ ታነብላታለህ። ረጋ ብለህ አንብብ፤ ጸጉር እየቆረጥክ እንደምታወራው አታድርገው።

እህትህ

ጥቅምት 17

እህት ዓለም፣

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? ዱላ ይዘሽ መራመድ ከጀመርሽ ጥሩ ነው፣ ያን ዱላ ግን አጠገቤ ብትሆኚ በራሴ ላይ ታሳርፊው ነበር፣ እኔም አልፈርድብሽም።

ፖስታውን ከፈትኩት። መክፈት አልነበረብህም አትበይኝ፤ የማነበው እኔ ነኝ። ሱቄ ውስጥ፣ ደንበኛዬ ፊቱ በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ እየጠበቀኝ፣ ይህን አነበብኩ፦

«ለተከበሩ አክስቴ። ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ። በሹፌሩ እጅ የላኩልኝ ገንዘብ በሙሉ የደረሰኝ መሆኑን እየገለጽኩ፣ ስላደረጉልኝ ከፍተኛ ትብብር ልባዊ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ገንዘቡን አቅሜ በፈቀደ ጊዜ የምመልስ መሆኔን አረጋግጣለሁ። ሻሹ ታጥቦ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ከሰላምታ ጋር። ግልባጭ፦ ለወንድሜ።»

ግልባጭ! እኔ ፋይል ቤት ነኝ እንዴ? አንቺ ሴትዮ፣ ውሃ ክፍያ ቢሮ ስንት ዓመት ቅሬታ ስትመልሺ ኖረሽ ደምሽ ወደ ማኅተም ቀለም ተለውጧል። «ጉዳዩ» ብለሽ የምትጽፊላት ሴትዮ እኮ በሸክላ ሳፋ አጥባሻለች። «ከፍተኛ ትብብር» ማለት ምን ማለት ነው? የትብብሩን መጠን በሜትር ለካሽው?

ደግሞ ጤናዋን የት ጠየቅሽ? የምስጋና ደብዳቤ እንደዚህ ነው የሚጀመረው? ሰው መጀመሪያ «እንደምን አለሽ፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ ዓይንሽስ» ይላል፤ ከዚያ ስለራሱ ያወራል፤ ብሩ መሃል ላይ ነው የሚገባው፣ ሳይጮህ። በምን እንዳዋልሽው ትነግሪያታለሽ፣ ብሩ የት እንደገባ በዓይነ ልቦናዋ እንድታይ። አንቺ በብሩ ጀምረሽ በሻሹ ጨረስሽ። እና «እመልሳለሁ»! ስጦታ የላከ ሰው «እመልሳለሁ» ሲባል ምን እንደሚሰማው አስበሻል? አራጣ አበዳሪ ነሽ ከማለት በምን ይለያል?

ሻሹማ አይነሳ። በብረት ተተኩሶ፣ አራት ማዕዘን ሆኖ፣ ሳሙና ሳሙና እየሸተተ ሲወጣ እኔ ራሴ በረደኝ። እሱን የፎጣዬ መሳቢያ ውስጥ ደበቅኩት። ደብዳቤው ገና አልደረሰም ብያታለሁ። በአስቸኳይ ሌላ ጻፊ። እባክሽ፣ ለምኜሻለሁ።

ወንድምሽ

ጥቅምት 26

ወንድሜ፣

ሰላምታህ ደርሶኛል፣ ስድብህም ደርሶኛል። ምላስ ያለው ሁሉ መካሪ ነው። እስቲ ቁጭ በልና ስማኝ፤ እኔ እንዲህ የጻፍኩት ልቤ በረዶ ስለሆነ ይመስልሃል?

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ። «እርስዎ» ያልኳት ልጅ ሳለሁ «አንቺ» የምላት መሆኑን ረስቼ አይደለም። ያን «አንቺ» በሩ ላይ ትቼው ነው የወጣሁት። አሁን ብሯን ይዤ፣ ያለ ምንም ይቅርታ፣ ያለ ምንም ዕርቅ፣ ዘው ብዬ «አንቺ» ልበላት? ጤናዋን ያልጠየቅኩትም ለዚህ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ሳልጠይቅ ኖሬ ብር በደረሰኝ በማግስቱ ጉልበቷ ቢያሳስበኝ፣ ጉልበቷን ነው ወይስ ቀጣዩን ብር የጠየቅኩት? «እመልሳለሁ» ያልኩትም ኩራቴ አይደለም። ብሯን ፈልጌ እንዳልቀረብኳት እንድታውቅ ነው። ሻሹን አጥቤ የላክሁት የእሷ ስለሆነ፣ የምትወደውም ስለሆነ። ንጹሕ አድርጎ መመለስ ነውር ሆነ ዛሬ?

ታውቃለህ፣ ቢሮ ውስጥ ሰው ሲናደድብን የምንጽፈው «ቅሬታዎ ተቀባይነት ያላገኘ መሆኑን በአክብሮት እንገልጻለን» የሚል ነው። ብዙዎች ይስቁብናል። እኔ ግን ያን ቋንቋ የምወደው ማንንም ስለማያቆስል ነው። ማንም በእሱ ተሰድቦ አያውቅም፣ ማንም በእሱ ተሸንግሎ አያውቅም። እትዬን ሸንግዬያት ከምገኝ ትብብሯን በሜትር ብለካ ይሻለኛል።

ይሁንና ምክርህን ሰምቼ ሌላ ሞክሬአለሁ። ይኸው። «የኔ እናት፣ የክፉ ቀን ደራሼ፣ ውለታሽን በምን ቃል...» ይላል። ጮክ ብዬ ሳነበው ያ የእህል ነጋዴ ክፍሌ ውስጥ የገባ መሰለኝ። ቃሎቹ ሁሉ እውነት ናቸው፤ ሲደረደሩ ግን ለማኝ መሰሉ። እልህ አስጨረሰኝ፤ ወንበሩን በዱላዬ መታሁት፣ የታችኛው ፎቅ ሰዎች ጣሪያ ደበደቡብኝ። አንተ ራስህ ምረጥ፣ የቱን ላንብብላት ብለህ አትጠይቀኝ። እኔ ደክሞኛል።

እህትህ

ኅዳር 4

እህት ዓለም፣

እግዜር ይማርሽ፣ እኔንም ይማረኝ። ሁለተኛው ደብዳቤሽ የደረሰው ከረፈደ ነው። የሆነውን ልንገርሽ፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው፣ ዱላውንም ራቅ አድርጊው።

ሹፌሩ ጸጉሩን ሊቆረጥ መጣ። እትዬ ሱቄ በር ላይ ፀሐይ ልትሞቅ ወጥታ ነበር። ወንበር ላይ ገና ሳይቀመጥ «ያ ደብዳቤ ተነበበላቸው?» አይልም! እሷ ዞር ብላ «የቱ ደብዳቤ?» አለች። ሹፌሩ ደግሞ ሐቀኛ ነው፣ እርግማን ነው እንጂ ሌላ ምን ይሉታል፣ «ለእሱ ከሰጠሁት ስንት ቀኑ» አለ። እትዬ አልተቆጣችም። ክፉው እሱ ነው። «አምጣው» ብቻ አለች።

አመጣሁት። ያ «ጉዳዩ» የሚለው ዓይኔ ላይ ተቀመጠ። ሹፌሩ አለ፣ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ አለች፣ ሁለት ደንበኞች አሉ፣ ሁሉም ጆሯቸውን አቁመዋል። እትዬ ነጠላዋን አስተካክላ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ፊቷን ወደ ድምፄ አዞረች። እህቴ፣ አንቺ ብትሆኚ ያን ወረቀት ታነቢው ነበር? እኔ አልቻልኩም። ወረቀቱን እያየሁ ሌላ አነበብኩ።

ከአፌ ወጣ። «እትዬ ጉልበትሽ እንዴት ነው» አልኩ ባንቺ ስም። ብሩ የሐኪሙን ከፍሎ ለኪራዩ እንደተረፈ ነገርኳት። «ማታ ቤት ስገባ ሳልሽን ካልሰማሁ ቤት የገባሁ አይመስለኝም» አልኩ። ሻሹን አንገትሽ ላይ አስረሽ እንደምትተኚ ነገርኳት። ልብስ ሰፊዋ አለቀሰች። ሹፌሩ አፍንጫውን ጠረገ። እትዬ ግን ፈገግ ብላ «እሷ እንዲህ ትናገራለች?» አለች፤ ከዚያ ወረቀቱን ተቀብላ አጣጠፈችና ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

በማግስቱ «ድገምልኝ» አለችኝ። ግማሹን ረስቼዋለሁ! «ሳልሽን ካልሰማሁ» የሚለውን መጨረሻ ላይ አደረግኩት። «ትናንት እሱ ከሻሹ በፊት ነበር» አለች። ገጹን ገልብጬ ነው አልኳት። ገጹ እኮ አንድ ነው።

እና አንድ ሌላ ዜና አለ፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ መናገሩም ያሳፍራል። ሐኪሙ የዓይኗ ሞራ በስሏል፣ ይነሳላት ብሏል። ቀጠሮዋ ቅርብ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባል አይደል? ደስ ብሎኛል። ወረቀቱ ግን አሁንም ደረቷ ውስጥ ነው።

ወንድምሽ

ኅዳር 12

አንተ፣

ሰላምታ የለህም።

በእኔ አፍ እንድትናገር ማን ፈቀደልህ? ቢሮ ውስጥ አንድ ሰው በእኔ ስም አንዲት መስመር ቢጽፍ ከሥራ ይባረራል። አንተ ሙሉ ደብዳቤ ጽፈህ፣ ያውም በሰፈር ሰው ፊት! እስከ ዛሬ ለእሷ አንድ ሞቅ ያለ ቃል ለመጻፍ ስንት ወረቀት እንደቀደድኩ አንተ አታውቅም። ያን ቃል አንተ በአንድ ጊዜ፣ በምላጭና በማበጠሪያ መሃል፣ አፍህን ከፍተህ ወረወርከው። አሁን እኔ ከልቤ ብጽፈው እንኳ ሁለተኛ መሆኑ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ የእኔ ቁርጭምጭሚትስ ይሻለዋል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ያ የሳሉ ነገር ነው። እሱ የኔ አይደለም። የእሷን ሳል ማታ ማታ የምትሰማው አንተ ነህ። የራስህን ፍቅር በእኔ ስም ሸጥክልኝ። አንተ ለምን በራስህ ስም አልነገርካትም? አብረሃት እየኖርክ!

ለሕክምናዋ ነይ ትለኝ ይሆናል። አይ፣ መምጣት አልችልም፤ ጄሶው ቢወልቅም እግሬ ገና ደረጃ አይወድም፣ ቢሮውም ፈቃድ ጨርሰሻል ብሏል። ለዓይኗ ግን... ሐኪሙ ጎበዝ ነው ወይ? ሁለቱንም ነው ወይስ አንዱን? ፈርታለች ወይ? ይህን ለእሷ አትንገራት።

አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። «እሷ እንዲህ ትናገራለች?» ስትል ፊቷ ምን ይመስል ነበር?

እህትህ

ኅዳር 27

እህት ዓለም፣

ተነሳላት! አንዱ ዓይኗ ነው፣ ሌላው ወደፊት ነው ብሏል። አልፈራችም፤ ሐኪሙን «ልጄ፣ እጅህን ታጥበሃል?» አለችው። ሽፋኑ ሲነሳላት መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። «ከስተሃል» አለችኝ። ለጊዜው ሰውና ዕቃ ትለያለች፤ ፊደል ግን ገና ይደበዝዝባታል። ቁስሉ ሲጠግግ መነጽር ይታዘዝላታል፣ ያኔ ታነባለች ብሏል።

ያኔ ታነባለች። ገባሽ?

ሁለቱ ደብዳቤዎች ማታ ማታ ከትራሷ ሥር ናቸው፤ ማለቴ አንዱ ደብዳቤና ሁለቱ ንባቦቼ። መነጽሩን ሳደርግ መጀመሪያ የማነበው እሱን ነው እያለች ለልብስ ሰፊዋ ትነግራታለች። እኔ ትናንት ጸጉር ስቆርጥ የአንዱን መምህር ጆሮ ጫር አደረግኩት።

አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለን። ያንኑ ዓይነት ወረቀት ፈልጊ፣ ያንኑ ቀን ጻፊበት፣ እኔ ያነበብኩትን ልክ አድርገሽ ገልብጪው። ትራሷን ሳነጥፍ እቀይረዋለሁ። ያስታወስኩትን ከዚህ በታች ጽፌልሻለሁ፤ ጉልበቷ፣ ሐኪሙ፣ ኪራዩ፣ ሳሉ፣ ሻሹ። ሳሉ ከሻሹ በፊት ይሁን።

ፊቷ ምን ይመስል ነበር ላልሽው፤ ምን ብዬ ልንገርሽ። ልብስ አንሶት የቆየ ሰው ልክ የሆነ ልብስ ሲሰጡት እንደሚያየው ነው። ደስ ብሏታል፣ ግን የማን ልብስ ነው እያለች ነው።

የሳሉን ነገር እውነት ብለሻል። እኔ ማታ ማታ እሰማዋለሁ። በራሴ ስም ልነግራት ብል ታሾፍብኛለች።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 5

ወንድሜ፣

ለዓይኗ እግዚአብሔር ይመስገን። ደብዳቤህን ቢሮ ውስጥ ሳነብ የጎን ጠረጴዛዋ ሴትዮ «ማን ሞተ?» አለችኝ፤ እያለቀስኩ ኖሯል።

የጠየቅከኝን ሞክሬአለሁ። ያን ወረቀት አገኘሁ፣ ቀኑን ጻፍኩ፣ «እትዬ ጉልበትሽ እንዴት ነው» ብዬ ጀመርኩ። እስከ ሻሹ ደረስኩ። «አንገቴ ላይ አስሬው እተኛለሁ» ልጽፍ ብዕሬን አነሳሁ፣ ሻሹ ያለው ግን አንተ መሳቢያ ውስጥ ነው! ያን መስመር መጻፍ አቃተኝ። ደስ የሚል ደብዳቤ ነው፤ እንደ እውነቱ ከሆነ ከኔ ይልቅ ቆንጆ ነው። የእኔ አይደለም እንጂ።

ስለዚህ አልልክልህም። ምን እንደሚያስከትል አውቃለሁ። ቀዝቃዛውን ታነበዋለች፣ ምናልባትም ከእንግዲህ «ሰላም በላት» እንኳ አትልህም። ይህ ደብዳቤ ወደ እሷ የሚያስገባኝ አንድ በር ነበር፣ እሱንም በማኅተም ዘጋሁት። ግን የዘጋሁት እኔ ነኝ። የሰው ልጅ ዓይኑ በርቶ መጀመሪያ የሚያነበው ነገር የተጭበረበረ መሆን የለበትም። ቀዝቃዛውን ታንብበው። ሻሹንም ስጣት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኛ እንኳ በመነጽር ነው የሚጠራው።

ከቻልክ ስታነብ አጠገቧ ሁን። ካልቻልክ ልብስ ሰፊዋን ጥራት።

እህትህ

ታኅሣሥ 20

እህት ዓለም፣

አነበበችው።

መነጽሩን ከሐኪሙ ይዘን ስንመለስ ሱቄ በር ላይ ተቀመጠች፣ ወረቀቱን ከደረቷ አወጣች። እኔ ምላጭ የምስል መስዬ ጀርባዬን ሰጠኋት። ደጋግማ አነበበችው። አጭር ደብዳቤ እኮ ነው። ከዚያ «ና» አለችኝ። ሄድኩ። «ከፍተኛ ትብብር» አለች፣ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ። «የምመልስ መሆኔን አረጋግጣለሁ» አለች። «ያ ሁሉ ንግግር የታል?» አለችኝ። ያኔ ሁሉንም ነገርኳት፤ የቀደድሻቸውን፣ የእህል ነጋዴውን፣ እንድትገለብጪልኝ ለምኜሽ እምቢ ማለትሽን፣ «ቅሬታዎ ተቀባይነት ያላገኘ መሆኑን» የሚለውን ሳይቀር።

ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ «ሳሉን የምትሰማው አንተ ነህ?» አለችኝ። አዎ አልኩ። በጥፊ መታችኝ። ቀስ ብላ ነው። ከዚያ የመታችውን ቦታ ደግማ ዳሰሰችው።

ሻሹን ሰጠኋት። ተተኩሶ ስታየው ሳቀች፣ ስትስቅ ሳሏ ተነሳ፣ እኔ ውሃ ላመጣ ስሮጥ «ብዕር አምጣ» አለች። ራሴ ካልጻፍኩ አለች። ቀኑን ሙሉ ጻፈች፤ ፊደሉ እንደ ጎመን ዘለላ ትልልቅ ነው። እኔን አላስነበበችኝም። ለሹፌሩ አሽግልኝ ብላ ሰጠችው፤ እየሳቀ አሽጎ መለሰልኝ፣ አንብቦታል ብዬ እጠረጥራለሁ። ከዚህ ጋር አለ።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 20

ለተከበርሽ የወንድሜ ልጅ፣

ጉዳዩ፦ ምስጋናሽን ስለመቀበል

በጥቅምት ወር የጻፍሽልኝ ደብዳቤ የደረሰኝ መሆኑን በራሴ ዓይን አይቼ አረጋግጫለሁ። ገንዘቡን እመልሳለሁ ላልሽው፣ ጥያቄሽ ተቀባይነት ያላገኘ መሆኑን በአክብሮት እገልጻለሁ።

ከዚህ በላይ በዚህ ቋንቋ መቀጠል አልችልም፤ ጣቴ ዛለ።

ወንድምሽ ያነበበልኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ደስ ብሎኝ ግን አልተኛሁም። አንቺ እንዲህ ተናግረሽ አታውቂም። ልጅ ሳለሽ ስትወድቂ ጉልበትሽን ሸፍነሽ «ምንም አልሆንኩም» የምትዪ ነበርሽ። የአንቺን ሳነበው ግን አወቅኩሽ። «ምንም አልሆንኩም» ይላል ከላይ እስከ ታች።

ሻንጣሽን ይዘሽ የወጣሽ ቀን ከክፍሌ ያልወጣሁት ጠልቼሽ አይደለም። ብወጣ ሻንጣውን እይዝብሽ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፣ አንቺም አትናገሪው።

ሌላው ደግሞ፣ ብሩን በሻሹ የቋጠርኩት ዕቃ ጠፍቶ አይመስልሽ። ልልክልሽ የፈለግሁት ሻሹን ነው። ሻሽ ብቻ ቢደርስሽ «ይህ ምንድነው» ትያለሽ ብዬ ፈራሁ፤ ብሩን ሰበብ አደረግሁት። አንቺ ሰበቡን ይዘሽ ሻሹን መለስሽ።

ምስጋናው እዚህ ላይ አልቋል። ከእንግዲህ ስለ ብሩ አንድ ቃል አትጻፊልኝ። አሁን ደብዳቤ ጻፊልኝ።

አባሪ፦ አንድ ሻሽ። አይመለስም። አይተኮስም።

ግልባጭ፦ ለጸጉር አስተካካዩ፣ አፉን እንዲዘጋ።

ታኅሣሥ 29

እትዬ፣

ሻሹ አንገቴ ላይ ነው። ክፍሌ መስኮቱ አይገጥምም፣ ነፋስ ይገባል፣ እና የውሃ ቢሮ ሠራተኛ ሆኜ ሳለ ውሃ ሦስተኛ ፎቅ አይደርስልኝም። በባልዲ ነው የምቀዳው። ለራሴ ቢሮ ቅሬታ አቀረብኩ፤ የኔው ጠረጴዛ ላይ ደረሰ፤ ተቀባይነት የለውም ብዬ ራሴ ልጽፍበት ስል ከጎኔ ያለችው ሴትዮ በሳቅ ወንበሯን ስታ ወደቀች። እግሬ ይሻለዋል። ደረጃ ስወርድ ብቻ አንዱን እግር አስቀድሜ እንደ ሕፃን ነው የምወርደው፤ ያን የምታስተምሪን «በደህናው እግር ወደ ላይ፣ በታመመው ወደ ታች» የሚለውን እያልኩ።

እኔም ያን ቀን ቆሜ ነበር። ሻንጣውን ይዤ በርሽ ላይ። ልትወጪ ነው ብዬ ጆሮዬን በሩ ላይ አድርጌ ቆየሁ። እጄን አንስቼ አንኳኳ አላልኩትም። ተናድጄ ነበር፤ ከዚያም በላይ ፈርቼ ነበር።

ፈቃድ ሲሰጡኝ እመጣለሁ። ሻንጣዬን የምትይዥብኝ ከሆነ ትንሹን ነው የምይዘው።

ጉልበትሽ እንዴት ነው? መነጽሩስ፣ አፍንጫሽን ይቆነጥጣል? መልሱን እሱ ሳይሆን አንቺ ጻፊልኝ፤ ፊደልሽ ቢተልቅም ግድ የለም፣ ሰፊ ወረቀት ልኬልሻለሁ።

ልጅሽ

ግልባጭ፦ ለማንም አይሰጥም።